ከረንሲ ቦርድ ወይስ ዶላራይዜሽን? አገር ገንዘቧን ስታስር ምን አስረክባ ምን ታገኛለች

ዋጋ በየሳምንቱ በሚጨምርበት፣ ሕዝቡም የአገሩን ገንዘብ እንደያዘ ወደ ዶላር በሚሮጥበት አገር አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። «ገንዘቡን ለምን አጥብቀን ከዶላር ጋር አናስረውም? ወይም ጭራሽ ትተነው ለምን በዶላር አንገበያይም?» የመጀመሪያው መንገድ ከረንሲ ቦርድ ይባላል፣ ሁለተኛው ዶላራይዜሽን። ብዙ ጊዜ አንዱ የሌላው ጠንከር ያለ ዓይነት ተደርጎ ስለሚታይ ምርጫው «ምን ያህል እንጥበቅ?» የሚል ይመስላል። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱም የሚነጥቋቸው መሣሪያዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያዩት በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘብ ከማተም የሚገኘው ገቢ ለማን እንደሚሄድና ነገር ሲበላሽ የመውጫው በር ምን እንደሚመስል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## መለኪያዎቹ

አማራጮቹን ከመመርመር በፊት እያንዳንዱን በምን እንደምንለካው እንወስን። አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ መንግሥት የበጀት ጉድለቱን ገንዘብ በማተም እንዳይሞላ በእርግጥ ይከለከላል ወይ? ወደነዚህ መንገዶች የሚገባው ለዚህ ተብሎ ስለሆነ ይህ ጥያቄ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ የወጪ ንግድ ሲመታ ወይም የጎረቤት አገር ገንዘብ ሲወድቅ ኢኮኖሚው በምን ይስተካከላል? የምንዛሪ ተመን ካልተንቀሳቀሰ ሌላ ነገር መንቀሳቀሱ ግድ ነው፤ እሱም ደመወዝ፣ ዋጋ ወይም ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ አስቀማጮች ባንክ በር ላይ ሲሰለፉ የሚያበድር ማን አለ? አራተኛ፣ በዝውውር ላይ ካለው ኖት የሚገኘው የወለድ ገቢ የማን ነው? አምስተኛ፣ አንድ ቀን መውጣት ቢያስፈልግ እንዴት ይወጣል?

«የባለሀብት አመኔታ»ን መለኪያ ያላደረግነው ሆን ብለን ነው። አመኔታ የአምስቱ መልስ ውጤት ነው። ሕጉ ጥብቅ ስለሆነ ብቻ የሚመጣ አመኔታ የመጀመሪያው ከባድ ፈተና እስኪመጣ ድረስ ብቻ ይቆያል።

## ከረንሲ ቦርድ፦ አሠራሩ

ከረንሲ ቦርድ ሕግ እንጂ ተስፋ አይደለም። ሕጉ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፣ የአገሩ ገንዘብ በአንድ ቋሚ ተመን ከውጭ ገንዘብ ጋር ይመነዘራል፤ ሁለተኛው፣ ያለ ውጭ ምንዛሪ መያዣ አንዲት ኖት አትታተምም። ተራ «የታሰረ ምንዛሪ» ካላቸው አገሮች የሚለየው በዚህ በሁለተኛው ነው። እዚያ ማዕከላዊ ባንኩ ተመኑን እጠብቃለሁ እያለ ለመንግሥት ማበደሩን ሊቀጥል ይችላል። እዚህ አይችልም።

ሆንግ ኮንግን በቅርብ ብናይ አሠራሩ ይገለጣል። ከጥቅምት 1983 ጀምሮ የሆንግ ኮንግ ዶላር ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 7.80 ሆኖ ታስሯል። ኖት የሚያትሙት ሦስት የንግድ ባንኮች ናቸው። አንዱ ባንክ 7.8 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ኖት ማውጣት ሲፈልግ አስቀድሞ 1 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለመንግሥት የምንዛሪ ፈንድ ገቢ ያደርጋል፤ በምትኩ የዕዳ ሰርተፊኬት ይቀበላል፤ ኖቱን የሚያወጣው በዚያ ሰርተፊኬት ልክ ነው። ኖቱ ሲመለስ ሰርተፊኬቱ ይሰረዝና ዶላሩ ለባንኩ ይመለሳል።

ሰዎች የሆንግ ኮንግ ገንዘብ ሸጠው ዶላር ሲገዙስ? ባንኮች ለፈንዱ የአገር ውስጥ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ዶላር ይወስዳሉ። የከፈሉት ገንዘብ ከገበያ ጠፋ ማለት ነው። ገንዘብ ሲያጥር ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ወለድ ይወጣል። በጥቅምት 1997፣ የእስያ የገንዘብ ቀውስ በተፋፋመበት ወቅት፣ የአንድ ሌሊት የባንክ ለባንክ ወለድ በዓመት ሲሰላ እስከ 280 ከመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ተመኑን የሚጠብቀው ይህ ወለድ ነው። አገሩ በውድቀት ላይ ቢሆንም ወለዱን ማንም ዝቅ አያደርገውም። ተመኑ ዛሬም ድረስ ቆሟል፤ ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ተከፍሏል። ከ1997 በኋላ ባሉት ስድስት ዓመታት የመኖሪያ ቤት ዋጋ ከግማሽ በላይ ወረደ፤ አጠቃላይ የዕቃ ዋጋም ለዓመታት ሲቀንስ ቆየ። በብድር ቤት የገዛ ሰው ዕዳው ሳይነካ ቤቱ ረከሰበት።

### «100 ከመቶ ሽፋን» ምኑን ነው የሚሸፍነው?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሹማምንትን ሳይቀር የሚያሳስት አንድ ነጥብ ስላለ ቆም ብለን እንየው። «እያንዳንዱ ፔሶ በዶላር የተሸፈነ ነው» ሲባል ሕዝቡ የሚሰማው «ባንክ ያለኝ ገንዘብ ሁሉ በዶላር የተሸፈነ ነው» ብሎ ነው። ትክክል አይደለም። የሚሸፈነው በሰው እጅ ያለው ኖትና ባንኮች ራሳቸው በማዕከላዊ ባንክ ያስቀመጡት ገንዘብ ብቻ ነው። የሕዝብ ተቀማጭ አይሸፈንም፤ ባንኮች አበድረውታልና።

በምሳሌ እናስላው። የአንዲት አገር ኖትና የባንኮች መጠባበቂያ በድምሩ 10 ቢሊዮን ፔሶ ነው፤ ቦርዱም በአንድ ለአንድ ተመን 10 ቢሊዮን ዶላር ይዟል። ሕጉ ሙሉ በሙሉ ተከብሯል። ይሁንና በባንኮች ያለው የሕዝብ ተቀማጭ 60 ቢሊዮን ፔሶ ነው። ወሬ ተነሥቶ አስቀማጮች አንድ አምስተኛውን ብቻ፣ ማለትም 12 ቢሊዮን፣ ወደ ዶላር ለመቀየር ቢሰለፉ ክምችቱ 2 ቢሊዮን ያጥራል። ከዚያ በፊትም ገና ባንኮች የሚከፍሉት ጥሬ ገንዘብ አልቆባቸው በራቸውን ዘግተዋል። ማዕከላዊ ባንኩ አትሞ ሊያበድራቸው አይችልም፤ ቢያበድር መያዣ የሌለው ገንዘብ ስለሚሆን ሕጉ ፈረሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ከረንሲ ቦርድ የሚመርጥ አገር መጠየቅ ያለበት «ኖቱ ተሸፍኗል ወይ?» ብቻ አይደለም። «ክምችቱ ከጠቅላላ ተቀማጩ ስንት እጁ ነው?» ብሎም ይጠይቅ።

### አርጀንቲና፣ ከ1991 እስከ 2002

በ1989 የአርጀንቲና የዋጋ ግሽበት በዓመት ከ3,000 ከመቶ በላይ ነበር። በኤፕሪል 1991 የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ዶሚንጎ ካቫዮ የመቀየሪያ ሕግ የተባለውን አወጡ። አንድ ፔሶ፣ አንድ ዶላር። ውጤቱ ፈጣን ነበር፤ ግሽበቱ በ1993 ወደ አንድ አኃዝ ወረደ። በመጀመሪያው መለኪያ ስንመዝነው ቦርዱ ሥራውን ሠርቷል። ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። ከሽፋኑ እስከ አንድ ሦስተኛው በዶላር የሚከፈል የራሱ የአርጀንቲና መንግሥት ቦንድ እንዲሆን ይፈቅድ ነበር። የመንግሥት ዕዳ ሲጠረጠር ይህ ሽፋን አብሮ ይጠረጠራል፤ ሽፋኑ በሚፈለግበት ቀን ማለት ነው።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ከሜክሲኮ መጣ። በታኅሣሥ 1994 ሜክሲኮ ገንዘቧን ስታዳክም የአርጀንቲና አስቀማጮች ደነገጡ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከባንክ ተቀማጩ ስድስተኛው ያህል ወጣ፤ ሥራ አጥነት በ1995 ከ18 ከመቶ አለፈ። ያን ጊዜ አገሪቱ በውጭ ብድር ተረፈች። ከዚያ በኋላ ባንኮች ብዙ ፈሳሽ ገንዘብ እንዲይዙ ተገደዱ፤ ከውጭ ባንኮችም ለክፉ ቀን የሚሆን የብድር ስምምነት ተገዛ። ጥሩ እርምጃ ነበር፤ ለትንሽ ሩጫ እንጂ ለትልቁ አልበቃም።

ሁለተኛው ድብደባ ከብራዚል መጣ፤ እዚህ ላይ የሁለተኛው መለኪያ ትርጉም ይታያል። በ1998 መጨረሻ አንድ ዶላር 1.2 ሪያል ገደማ ነበር፤ በጥር 1999 ብራዚል ተመኗን ለቀቀች፤ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ዶላር ወደ 1.8 ሪያል ደረሰ። ለመስፋት 24 ሪያል የሚፈጅ የብራዚል ጫማ ከ20 ዶላር ወደ 13 ዶላር ወረደ እንበል። በአርጀንቲና 20 ፔሶ የሚፈጅ ጫማ ግን አሁንም 20 ዶላር ነው። የቦነስ አይረሱ ጫማ ሰሪ ሦስት አማራጭ ይቀሩታል፤ የሠራተኛውን ደመወዝ በአንድ ሦስተኛ መቀነስ፣ ሠራተኛ ማሰናበት፣ ወይም መዝጋት። ደመወዝ በቁጥር መቀነስ በየትም አገር ከባድ ስለሆነ የሚሆነው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። ዶላሩ ራሱ በዚያው ጊዜ በዓለም ገበያ እየበረታ ስለነበር ፔሶውም ሳይወድ አብሮ በረታ።

ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ግብር ቀነሰ፣ ዕዳ በረከተ። በሐምሌ 2001 መንግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝና የጡረታ ክፍያ በ13 ከመቶ ቆረጠ። ክፍለ ሀገሮች ለሠራተኛ የሚከፍሉት ሲያጡ የራሳቸውን ወረቀት አተሙ፤ የቦነስ አይረስ ክፍለ ሀገር «ፓታኮን» የሚባለው ቦንድ በሱቅ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። በዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ማተሚያው ማዕከላዊ ባንክ ውስጥ ተቆልፎ በጓሮ ሌላ ማተሚያ ተከፈተ። የበጀት ጉድለት ካልተዘጋ ቦርዱ ጉድለቱን አይዘጋውም፤ መውጫ መንገዱን ብቻ ይለውጠዋል።

በታኅሣሥ 2001 መጀመሪያ መንግሥት አስቀማጭ በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ በጥሬ እንዳያወጣ ከለከለ። ሕዝቡ ድስትና መጥበሻ እየደበደበ ወጣ፤ ፕሬዚዳንት ደ ላ ሩዋ በታኅሣሥ 20 ሥልጣን ለቀቁ፤ አገሪቱ ዕዳዋን አልከፍልም አለች፤ በጥር 2002 ቦርዱ ፈረሰ። በዶላር የተቀመጠው ገንዘብ በ1.40 ፔሶ ተመን በግድ ተቀየረ፤ በዶላር የተሰጠው ብድር ግን በ1 ፔሶ። የሁለቱ ልዩነት የባንኮች ኪሳራ ሆነ፤ መንግሥትም በቦንድ ማካካስ ነበረበት። በዓመቱ አጋማሽ አንድ ዶላር ወደ 4 ፔሶ ተጠጋ፤ ኢኮኖሚው በ2002 በ11 ከመቶ ገደማ ወደቀ።

ከመፍረሱ በፊት ምልክቶቹ ይታዩ ነበር። በ2001 አጋማሽ መንግሥት ለላኪዎች ሌላ ተመን ሰጠ። ቦርድ ባለበት አገር ሁለተኛ ተመን ከታየ፣ የባንኮች የግዴታ መጠባበቂያ ከተቀነሰ፣ በአገር ገንዘብ የሚከፈለው ወለድ በዶላር ከሚከፈለው በብዙ ከራቀ፣ ገበያው መፍረሱን እየጠበቀ ነው።

## ዶላራይዜሽን፦ አሠራሩ

እዚህ የአገሩ ገንዘብ ጭራሽ ይቀራል። ኢኳዶር በዚህ መንገድ የገባችው በምርጫ ሳይሆን በጭንቅ ነው። በ1999 ባንኮች እየተንኮታኮቱ ማዕከላዊ ባንኩ እነሱን ለማዳን የአገሩን ገንዘብ ሱክሬን ያትም ነበር፤ በመጋቢት የሕዝብ ተቀማጭ ታገደ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ለአንድ ዶላር 7,000 ገደማ የነበረው ሱክሬ በዓመቱ መጨረሻ 20,000 ደረሰ። በጥር 9 ቀን 2000 ፕሬዚዳንት ጃሚል ማዋድ በ25,000 ሱክሬ ተመን ወደ ዶላር እንገባለን አሉ። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ከሥልጣን ተባረሩ፤ ተተኪያቸው ግን ውሳኔውን አስቀጠሉት።

የመቀየሪያው ተመን ከየት ይመጣል? ከሒሳብ። ማዕከላዊ ባንኩ ያወጣውን ገንዘብ ሁሉ መልሶ የሚገዛበት ዶላር በእጁ ሊኖር ይገባል።

```
ዝቅተኛ ተመን = በዝውውር ያለ የአገር ገንዘብ ÷ ወዲያው የሚገኝ የዶላር ክምችት
```

500 ቢሊዮን የአገር ገንዘብ ያወጣና 5 ቢሊዮን ዶላር ያለው አገር ከ100 በታች በሆነ ተመን ሊቀይር አይችልም። ገበያው 70 ቢልም 100 ነው። «ወዲያው የሚገኝ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ ለብድር የተያዘ፣ የባንኮች ንብረት የሆነ ወይም በወርቅ መልክ የተቀመጠው ሁሉ ተቀንሶ መታየት አለበት። ተመኑ ከገበያው በጣም ከረከሰ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ደመወዝና ዋጋ በዶላር ሲለወጡ በጣም ርካሽ ሆነው ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወደ ቦታቸው ይወጣሉ። ለዚህም ነው ኢኳዶር በ2000 በዶላር እየተገበያየች የዋጋ ግሽበቷ ከ90 ከመቶ በላይ የሆነው። ወደ አንድ አኃዝ ለመውረድ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቷል። ዶላር በገባ ማግስት ዋጋ ይቆማል ብሎ ቃል የሚገባ ባለሥልጣን ሕዝቡን ያሳዝናል።

ተግባራዊ ሥራው ወራት ይወስዳል። ኖት ከአሜሪካ በአውሮፕላን ይመጣል፤ የባንክ ሒሳቦች በአንድ ቀን ይቀየራሉ፤ አሮጌው ገንዘብ የሚመለስበት ቀነ ገደብ ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ዝርዝር ሳንቲም ነው። ሳንቲም ከባድ ነው፣ ለማጓጓዝ ውድ ነው። ኢኳዶር የራሷን ሴንታቮ ስላስቀረጸች ችግሩን አቃለለችው። በ2009 ወደ ውጭ ገንዘብ የገባችው ዚምባብዌ ግን ሳንቲም አልነበራትም፤ ባለሱቆች በመልስ ፈንታ ከረሜላና እስክሪብቶ ይሰጡ ነበር። የዳቦ ዋጋም ወደ ሙሉ ዶላር እየተጠጋጋ ይወጣል፤ ይህ የሚጎዳው ትንሽ የሚገዛውን ድሃ ነው።

### የሚቀረው ገቢ

አራተኛው መለኪያ ሁለቱን አማራጮች በግልጽ ይለያቸዋል። 2 ቢሊዮን ዶላር ዋጋ ያለው ኖት በሕዝብ እጅ ያለበትን አገር እናስብ። ከረንሲ ቦርድ ከሆነ ያ 2 ቢሊዮን ዶላር በአሜሪካ ግምጃ ቤት ሰነድ ተቀምጦ፣ በ4 ከመቶ ወለድ፣ በዓመት 80 ሚሊዮን ዶላር ለበጀት ያመጣል። ዶላራይዜሽን ከሆነ 2 ቢሊዮኑ ወደ ሕዝብ ኪስ ገብቷል፤ ወለዱ ለአሜሪካ ቀርቷል። ይህ ብቻ አይደለም። ኢኮኖሚው በ5 ከመቶ ካደገ በየዓመቱ ተጨማሪ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል ኖት ያስፈልገዋል፤ ያም በወጪ ንግድ፣ በሐዋላ ወይም በብድር መግባት አለበት።

### ከውጭ የሚመጣው አደጋ

ፓናማ ከ1904 ጀምሮ በዶላር ትገበያያለች፤ ረጅም ዕድሜ ያለው ምሳሌ እሱ ነው። በ1988 አሜሪካ ከአገሩ ገዥ ከጄኔራል ኖሪዬጋ ጋር ስትጣላ በኒው ዮርክ ያለውን የፓናማ ገንዘብ አገደች። ባንኮች ለሁለት ወር ገደማ ተዘጉ፤ ሰው በቼክና በዱቤ ኖረ። የኖቱ ምንጭ ሌላ አገር ከሆነ የዚያ አገር ፖለቲካ የእርስዎ የገንዘብ ፖሊሲ አካል ነው።

የምንዛሪ ተመን አለመኖሩም እንደ አርጀንቲናው ይቆነጥጣል። በ2014 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ኮሎምቢያ ፔሶዋ እንዲወርድ ተወችው፤ ኢኳዶር አልቻለችም። የድንበር ሰው ዶላሩን ይዞ ወደ ኮሎምቢያዋ ኢፒያሌስ ለገበያ ይሻገር ጀመር፤ መንግሥት በመጋቢት 2015 በብዙ የውጭ ዕቃዎች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለ። ከአገር በሚወጣ ዶላር ላይም ቀደም ሲል የተጀመረ ግብር አለ። የምንዛሪ ተመን መሥራት ያለበትን ሥራ ቀረጥና ግብር ሊሠሩት ይሞክራሉ፤ በግማሽ ብቻ ይሳካል።

ይሁንና ከአርጀንቲና ጋር ሲነጻጸር አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ኢኳዶር በ2008 ዕዳ አልከፍልም አለች፤ በ2020 እንደገና ዕዳዋን አሸጋሸገች። በሁለቱም ጊዜ መንግሥት ሲንገዳገድ የሕዝቡ ገንዘብ አልተነካም። በአርጀንቲና የመንግሥት ኪሳራና የገንዘብ ውድቀት በአንድ ወር መጡ። ለእኔ የዶላራይዜሽን ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ የመንግሥትን ዕዳ ከሕዝብ ኪስ ይለያል።

### በሩ ግን አልተበየደም

ዶላራይዜሽን የማይመለስ ነው የሚለውን ዚምባብዌ አፍርሳዋለች። መንግሥት ኖት ማተም ባይችልም ማዕከላዊ ባንኩ የኤሌክትሮኒክ ሒሳብ ይይዝ ነበር። ጉድለት ሲመጣ ለሠራተኛና ለአቅራቢ «ዶላር» በሒሳባቸው ላይ ጻፈ፤ ከጀርባው እውነተኛ ዶላር አልነበረም። በባንክ ያለው ዶላር ከኖቱ እየረከሰ ሄደ፤ ሰው ኤቲኤም ፊት ያድር ጀመር። በኅዳር 2016 አንድ ለአንድ የተባለ «ቦንድ ኖት» ታተመ፤ በየካቲት 2019 የባንኩ ዶላር የራሱ ስም ተሰጥቶት ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 2.5 ሆነ፤ በሰኔ በውጭ ገንዘብ መገበያየት ተከለከለ። ምልክቱን ማየት ቀላል ነው። በሞባይል ለሚከፍልና በኖት ለሚከፍል ሁለት ዋጋ የሚናገር ባለሱቅ ካለ፣ ዶላራይዜሽኑ እየፈረሰ ነው።

## በአንድ ሠንጠረዥ

| መለኪያ | ከረንሲ ቦርድ | ዶላራይዜሽን |
|---|---|---|
| ለጉድለት ገንዘብ ማተም | በሕግ የተከለከለ፤ በሽፋኑ ቀዳዳና በክፍለ ሀገር ወረቀት ይሾልካል | ኖት ማተም አይቻልም፤ በማዕከላዊ ባንክ የኤሌክትሮኒክ ሒሳብ ይሾልካል |
| የምንዛሪ ተመን ማስተካከያ | የለም | የለም |
| የራስ ወለድ ፖሊሲ | የለም፤ ሰው ወደ ዶላር ሲሮጥ ወለድ በጣም ይወጣል | የለም፤ ተመኑ ይወድቃል የሚል ፍርሃት ግን ይቀንሳል |
| ለባንክ የመጨረሻ አበዳሪ | ከሽፋኑ በላይ ያለ ትርፍ ክምችት ብቻ | የተጠራቀመ ፈንድ ወይም የውጭ ብድር ብቻ |
| ከኖት የሚገኝ ወለድ | ለአገሩ ይቀራል | ለኖቱ ባለቤት አገር ይሄዳል |
| መግቢያ ወጪ | ኖቱን የሚሸፍን ክምችት | ኖቱን የሚገዛ ክምችት፣ ጭነት፣ ሳንቲም |
| መውጫ | በአንድ ሕግ፣ በአንድ ሌሊት | አዲስ ገንዘብ ፈጥሮ ሕዝብን ማሳመን ይጠይቃል |

## ለየትኛው አገር የትኛው?

ትንሽ፣ የወደብና የአገልግሎት አገር፣ የዶላር ገቢዋ ቋሚ ከሆነ፦ ከረንሲ ቦርድ። ጎረቤታችን ጅቡቲ በ1949 በዚህ መንገድ ገባች፤ ከ1973 ጀምሮ ፍራንኳ ለአንድ ዶላር 177.721 ነው። የወደብ ክፍያና የውጭ ጦር ሠፈሮች ኪራይ ዶላር ያመጣሉ፤ አብዛኛውን ዕቃ ከውጭ የምታስገባ ስለሆነ ተመኑን ብታዳክም የሚጨምረው የምግብ ዋጋ ነው። የምታጣው መሣሪያ ብዙም የማይጠቅማት ስለነበረ ኪሳራው ትንሽ ነው። ከኖቱ የሚገኘውን ወለድም ትይዛለች።

ሌላ የገንዘብ ኅብረት ለመግባት መንገድ ላይ ያለ አገር፦ አሁንም ቦርድ፣ እንደ ድልድይ። ቡልጋሪያ በ1997 መጀመሪያ በአንድ ወር ብቻ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲጨምርባት በሐምሌ ወር ገንዘቧን ሌቭን ከጀርመን ማርክ ጋር አሰረች። በ2014 ከትልልቅ ባንኮቿ አንዱ ሲወድቅ ተመኑ አልተናወጠም፤ መንግሥት አነስተኛ ዕዳ ስለነበረበት ራሱ ተበድሮ ለባንኮች ፈሳሽ ገንዘብ ሊሰጥ ችሏል። በጥር 2026 ወደ ዩሮ ገባች። ከአርጀንቲና የሚለያት ሁለት ነገር ነው፤ የበጀት ልጓምና ወደ ላይ የሚያወጣ በር።

ሕዝቡ አስቀድሞ ገንዘቡን ትቶ በዶላር የሚኖር፣ ሕግን የሚያምን የሌለበት አገር፦ ዶላራይዜሽን። እንዲህ ባለ አገር ቦርድ ማቋቋም ሰው በማያምነው ሕግ ላይ ሌላ ሕግ መጨመር ነው። ኤል ሳልቫዶር በ2001 ያለ ቀውስ በ8.75 ኮሎን ተመን ስትገባ ከአሜሪካ የሚላክላት ሐዋላ ትልቅ ስለነበር ዶላሩ በራሱ ይገባ ነበር። ሐዋላ ወይም የነዳጅ ገቢ የሌለው አገር ግን የኖት ድርቀት ይገጥመዋል።

ብዙ ሕዝብ ያለው፣ ግብርናው በዝናብ የሚወሰን፣ የወጪ ንግዱ በጥቂት ምርቶች ላይ የቆመ አገር፦ ሁለቱም አይመቹም። ይህን ስንል ኢትዮጵያን ማሰባችን አይቀርም፤ መንግሥት በሐምሌ 2024 የብርን ተመን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ጥያቄው ባዕድ አይደለምና። ከላይ ያለውን ቀመር ብቻ ብንሠራው፣ ክምችቱ ትንሽ የሆነ አገር መቀየሪያ ተመኑ ከገበያው እጅግ የረከሰ ይሆናል፤ ይህም ደመወዝተኛውን በመጀመሪያው ቀን ይመታል። ከዚያ በኋላም የቡና ዋጋ ሲወድቅ ወይም ዝናብ ሲቀር ወለዱን የሚወስነው ዋሺንግተን ያለው ፌዴራል ሪዘርቭ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያየው የአሜሪካን ግሽበትና ሥራ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ይህን በከፊል ቀምሳዋለች። ከጣሊያን መባረር በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ከረንሲ ቦርድ ሽልንግ እዚህ ሕጋዊ መገበያያ ነበር፤ መያዣው በለንደን በፓውንድ ሰነድ ተቀምጦ፣ ትርፉ ከአገር ውጭ ይቀር ነበር። የራሷን ብር ያወጣችው በሐምሌ 1945 ነው።

አስቀድሞ ቦርድ ያለው፣ መውጣት የሚያስብ አገር፦ ጊዜው ክምችት ሲሞላና የውጭ ገንዘብ ሲገባ ነው። ያኔ ተመኑ ቢለቀቅ ገንዘቡ ሊጠነክር እንኳ ይችላል፤ በዶላር የተበደረውም አይወድቅም። አርጀንቲና ከ1995 ቀውስ አገግማ፣ ብራዚል ገና ተመኗን ሳትለቅ፣ በ1996ና በ1997 እንዲህ ያለ ጊዜ ነበራት። ሆኖም በጎ ዘመን ላይ የሚሠራን ነገር ንካው የሚል ፖለቲከኛ አልተገኘም። በ2001 የቀረው ምርጫ ተቀማጩን ማገድና ብድሩን በሕግ መቀየር ብቻ ነበር። ስለዚህ ቦርድ የሚያቋቁም ሕግ ሲረቀቅ የመውጫው ሁኔታ፣ የክምችቱ መጠንና በዶላር የተሰጠ ብድር በምን ተመን እንደሚታይ፣ አብሮ ይጻፍ፤ ከውጭ ገንዘብ ገቢ ለሌላቸው ተበዳሪዎች በዶላር ማበደርም ከመጀመሪያው ቀን ይከልከል።